«ታሪኩ የወንድሜ ነው፤ ልጻፈው ወይስ ልተወው?»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሥነ ጽሑፍ መምህራችን አጭር ልብወለድ እንድንጽፍ አዞናል። መቼቱ በመስከረም ወር ያለ የገጠር መንደር፣ ጭብጡ «የመማር ዋጋ»፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለትምህርት ከመንደር የምትወጣ ልጅ እንድትሆን፣ ርዝመቱም ከ1500 ቃል እንዳይበልጥ ተብለናል። እኔ ራሴ በ11 ዓመቴ ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር ወጥቼ ወረዳ ከተማ አክስቴ ቤት የገባሁ ነኝ፤ የሰፈራችን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜና እኔ አራተኛን በአንድ ዓመት ጨረስን። ለአንድ ልጅ እንጂ ለሁለት የሚበቃ ቀለብ አልነበረም፤ ከብቱንም የሚይዝ ያስፈልግ ነበር። እሱ ቀረ። በደረጃ ከእኔ ይበልጥ ነበር። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። የመጀመሪያ ረቂቄን መምህሩ «ይህ ስብከት ነው፤ መንደሩም የትም ያለ መንደር ነው» ብሎ መለሰልኝ። እውነተኛውን ልጻፍ ስል ደግሞ ወንድሜን አደባባይ ማውጣት መሰለኝ። ማስረከቢያው 12 ቀን ቀርቶታል። ረቂቁን አያይዣለሁ።

ጨነቀኝ ያለችው

እህቴ፣ ረቂቅሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የመምህርሽን አስተያየት አሰብኩ፤ በሁለተኛው ግን አንድ ሰው ፈለግሁና አጣሁት። ወንድምሽ የለም። ልጅቷ አለች፣ አባትየው አለ፣ እናትየዋ በአንድ መስመር ታለቅሳለች፤ ከብቱን የሚጠብቅ ግን ማንም የለም። መምህሩ የጻፈልሽና አንቺን ያስጨነቀሽ ነገር ከአንድ ቦታ የመጡ ይመስለኛል። ዋጋውን የከፈለውን ሰው ከታሪኩ ስታወጪው ዋጋው የሚታይበት ቦታ አጣ። ባዶውን ለመሙላት አባትየው መናገር ጀመሩ፤ «ልጄ ሆይ፣ ትምህርት የዓይን ብርሃን ነውና» ብለው ለ11 መስመር ቀጠሉ። እኚህ ሰው ተናጋሪ ሆነው የተፈጠሩ አይመስለኝም፤ ሌላ ሰው የጣለው ሸክም ነው የወደቀባቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ይህንን ነው፤ የምትፈሪው የሱን መጋለጥ ነው ወይስ የራስሽን? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ግን መልሱን ካላወቅሽው ብዕርሽ እዚያች ቦታ በደረሰ ቁጥር ዘወር ይላል። ወደ ወንድምሽ ጉዳይ እመለሳለሁ፤ አሁን ጽሑፉን እንመልከተው።

«የመማር ዋጋ» እንዲህ እንዳለ ስትወስጂው ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ጭብጥ የሚሆነው አንድ ነገር ሲልና ሲጠይቅ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው መምህሩ የሰጠውን ሐረግ እንዳለ ይዞ ታሪኩ ውስጥ ለመሰንቀር ሲሞክር ነው፤ ሐረጉ ደግሞ መግቢያ የሚያገኘው በአንድ ሰው አፍ ብቻ ስለሆነ ስብከት ይወጣዋል። አንቺ ወደ ጥያቄ ለውጪው፤ «ዋጋውን የከፈለው ማነው? የተከፈለላትስ ታውቃለች?» በይ። ጥያቄውን ረቂቁ አናት ላይ በእርሳስ ጻፊው። ከዚያ እያንዳንዱን አንቀጽ ስትጨርሺ ተመልከቺው፤ አንቀጹ ወደ ጥያቄው አንድ እርምጃ ካልወሰደሽ፣ ምንም ቢያምር ቦታው እዚያ አይደለም። ለመጨረሻው ረቂቅ ግን ጥያቄውን አጥፊው። «ዋጋ» የሚለው ቃል ራሱ በታሪኩ ውስጥ አንድም ጊዜ ባይነሳ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ መቼቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። በሁለተኛው ገጽሽ ልጅቷ የምትሰናበተው አባቷን አውድማ ላይ፣ በሬዎቹ ጤፍ ሲያበራዩ ነው። በመስከረም! አንቺ የጎጃም የገበሬ ልጅ ነሽ፤ መስከረም ላይ ጤፉ ገና አረንጓዴ እንደሆነ፣ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንደሆነ፣ አውድማ የሚለቀለቀውም ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ታዲያ ለምን ጻፍሽው? ገጠር ሲባል አውድማ፣ ወፍና የምትወጣ ፀሐይ መኖር አለበት ብለሽ ስላሰብሽ ነው። መምህርሽ «የትም ያለ መንደር» ያለው ይኼንን ነው። መቼት መቼና የት ነው፤ አንቺ «የት»ን ብቻ፣ እሱንም ከሥዕል ላይ ቀድተሽ ጻፍሽ።

መምህሩ መስከረምን የመረጠው ትምህርት ቤት ስለሚከፈትበት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአንቺ ግን ትልቅ ስጦታ ነው። መስከረም መስኩ ከዓመቱ ሁሉ የሚያምርበት፣ ጎታው ከዓመቱ ሁሉ የሚጎድልበት ወር ነው። አደይ አበባው ወጥቷል፣ ላሟ ሣር ጠግባ ወተቷ በርክቷል፣ የበቆሎ እሸት አለ፤ ያለፈው ዓመት እህል ግን ክረምቱን ሙሉ ተበልቶ ተሟጥጧል፤ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ትምህርት የሚከፈተው ልክ በዚህ መሐል ነው። አክስት ቤት የሚገባ ልጅ ደግሞ ቀለቡን ይዞ ነው የሚገባው። እናት ያንን ቀለብ ከየት ታወጣለች? ከጎታው ወለል። እንግዲህ የታሪክሽ ግጭት ማንም ሳይናገር፣ ከወሩ ውስጥ ራሱ ወጣ። ልጅቷ በጥር ብትሄድ ኖሮ ጎታው ሙሉ ስለሚሆን ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። መቼትሽ መሥራቱን የምታውቂውም በዚሁ ነው፤ የወሩን ስም በእጅሽ ሸፍነሽ አንብቢ፤ ታሪኩ ወደ ጥር ቢዛወር ምንም የማይጎድለው ከሆነ መቼቱ ጌጥ ነው ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልሥራልሽ፤ እንዳለ እንድትወስጂው አይደለም፤ የነገሩ አሠራር እንዲታይሽ ነው። የአንቺ መክፈቻ እንዲህ ይላል፤ «ፀሐይ በምሥራቅ ብቅ ስትል ወፎች ይዘምሩ ነበር። መንደሯ በለምለም መስክ የተከበበች ውብ መንደር ነበረች። በዚህች መንደር ለትምህርት ከፍተኛ ፍቅር ያላት አንዲት ልጅ ትኖር ነበር።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ሄዶ ገና ማንም ምንም አላደረገም። እስኪ ወደ ዋዜማው ማታ፣ ወደ ጓዳ እናስገባው፦

«እናቷ ክንዷን እስከ ብብቷ ጎታው ውስጥ ከተተች። ጣሳው ወለሉን ሲፍቅ ተሰማ። ሃያ ሁለት ብላ ጆንያው ውስጥ ገለበጠች፤ ሃያ ሦስት፤ ሃያ አራተኛው ግማሽ ነበር። ልጅቷ አዲሱን ሸራ ጫማዋን ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች። ‹ጠበበኝ እኮ፣ ጋሼ።› ወንድሟ የጆንያውን አፍ በሁለት እጁ ወጥሮ እንደያዘ፣ ‹ሲለመድ ይሰፋል› አላት።»

ምን እንደሆነ እይ። ድህነት የሚል ቃል የለም። መስዋዕትነት የሚል ቃል የለም። ግን የጣሳው ድምፅ ጎታው ማለቁን ተናገረ፤ ግማሿ ጣሳ ከዚያ ወዲያ ሌላ እንደሌለ ተናገረች፤ ጆንያውን የያዘው ልጅ የሌላ ሰው ጉዞ እያዘጋጀ ነው። ቁጥሩን ከሃያ ሁለት የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው፤ አንባቢ ሲቆጠር የነበረ ነገር መጨረሻ ላይ እንደደረሰ ያውቃል፤ ከአንድ ብንጀምር ግን ሃያ አራት ጊዜ ማሰልቸት ነው። አጭር ልብወለድ ቁጥብ ነው ሲሉሽ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ነገሩ ሊያልቅ ሲል ነው።

ከዚህ የተነሳ የታሪኩን ጊዜም አሳጥሪው። ረቂቅሽ ከልጅቷ ልደት ተነስቶ ሐኪም ሆና ክሊኒክ እስከምትሠራ ድረስ ይሄዳል፤ በ1500 ቃል ሃያ አምስት ዓመት! እንዲህ ሲሆን የግድ «ከዚያም»፣ «ከጥቂት ዓመታት በኋላ» እያልሽ ትሮጫለሽ እንጂ ምንም ነገር ቆመሽ አታሳዪም። ከዋዜማው ማታ እስከ ማግስቱ ረፋድ ያለው ጊዜ ይበቃሻል። ለጓዳው ማታ 500 ቃል ያህል፣ ሌሊት ላይ እህትና ወንድም ተኝተው ለሚያወሩት አጭር ነገር 250፣ ለመንገዱና ለመለያየቱ ደግሞ 600 ብትመድቢ፣ የምትተርፍሽ 150 ቃል ናት። ያለፈውን ነገር በምልሰት ለመንገር ያለሽ ቦታ እሷው ብቻ ናት፤ ሁለቱም አራተኛን መጨረሳቸው፣ እሱ በደረጃ መብለጡ። ይህችን ምልሰት መግቢያው ላይ አታባክኛት። ሌሊቱ ውስጥ፣ አንባቢ ለምን ወንድምየው እንደማይሄድ መጠየቅ ሲጀምር አውጫት። እሷንም በአንድ ነገር በኩል፤ ለምሳሌ ሁለቱ ካርዶች አንድ ላስቲክ ውስጥ ተጠቅልለው ሰንዱቅ ውስጥ አሉ፤ ልጅቷ የሷን ስታወጣ የሱ ደረጃ ይታያል። አንድ ቁጥር ብቻ። አስተያየት አትጨምሪበት።

አንጻሩ ላይ ረቂቅሽ ይንሸራተታል። በሦስተኛ መደብ ከልጅቷ ጋር እየሄድሽ፣ ድንገት «አባቷ በልባቸው ስለ ነገው ዕዳ እያሰቡ ነበር» ትያለሽ። ልጅቷ የአባቷን ልብ ከየት አየች? ሁሉን አወቅ ተራኪ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም፤ ለዚህ ታሪክ ግን ያከስርሻል። ምክንያቱም የታሪኩ ጉልበት ልጅቷ የማታውቀውን አንባቢ ማወቁ ላይ ነው። እሷ ጫማዋ ጠቧታል፤ ነገ የምታየው ከተማ፣ የአክስቷ ቤት መብራት አጓጉቷታል። አንባቢ ግን ከሷ ትከሻ በላይ ወንድሟን ያያል። በአንደኛ መደብ «እኔ» ብትዪው ያደገችው ሴት ያለፈውን እያሰበች ማዘኗና ይቅርታ መጠየቋ አይቀርም፤ የክፍልሽም ልጅ ሁሉ ታሪኩን የአንቺ ብሎ ያነበዋል። በወንድምየው ዓይን መጻፍስ? ብዙ ጸሐፊ የሚፈተንበት መንገድ ነው። ላንቺ ግን አልመክርም፤ እሱ ለዓመታት ያልተናገረውን አንቺ በሱ አፍ ልትናገሪ ነው፤ አሁን የፈራሽውን ነገር በእጥፍ መሥራት ይሆናል። በሦስተኛ መደብ፣ ከ11 ዓመት ልጅ ዓይን ሳትወርጂ ቆዪ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህንን ልጅቷ አየች ወይስ ሰማች?» ብለሽ ፈትኚው፤ ሁለቱንም ካልሆነ ሰርዢው።

ንግግሩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ሰው ሲለያይ፣ በተለይ በእኛ አገር ገጠር፣ ስሜቱን አይናገርም፤ ያዛል። «ወንዙ ጋ ስትደርሺ ጫማሽን አውልቂ»፣ «ሽሮውን ለአክስትሽ በእጇ ስጫት»፣ «ጭቃው ላይ ዳር ዳሩን»። ፍቅሩ ትዕዛዙ ውስጥ አለ። አባትየው የግድ አንድ ነገር ይበሉ ካልሽ ይመርቁ፤ ምርቃት የቤቱ ወግ ነውና ማንም ስብከት አይለውም። ግን አጭር ይሁን፤ ደግሞ አታስጨርሻቸው። «ያደርሽበት ሁሉ…» ሲሉ አህያዋ ትንቀሳቀስና ጆንያው ይዘምም፤ ሁሉም ወደ ጭነቱ ይሩጥ። ያላለቀ ምርቃት ካለቀው ይልቅ ጆሮ ላይ ይቆያል።

ዘመኑንም ወስኚ፤ በጽሑፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ባይጠቀስም አንቺ ማወቅ አለብሽ። ረቂቅሽ በአንድ ገጽ ኩራዝ ያበራል፣ በሌላው አክስትየዋ በሞባይል ይደውላሉ። ሁለቱ አብረው የኖሩበት ጊዜ ስለነበር ስህተት ነው አልልም፤ ግን ስልክ ካለ መለያየቱ ይላላል፤ ልጅቷ ነገ መደወል ትችላለችና። ስልኩን ብታወጪው ታሪኩ ይጠብቃል። ካቆየሽው ደግሞ ኔትወርክ የሚገኘው የትኛው ጉብታ ላይ እንደሆነ ንገሪን።

አሁን ወንድምሽ። ሦስት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ሳትነግሪው መጻፍ ነው፤ ወረቀቱ ከመምህርሽ ጠረጴዛ አያልፍም ብለሽ። ሊያልፍ ይችላል፤ ጥሩ ከሆነ ክፍል ውስጥ ይነበባል፣ ወይም የትምህርት ክፍሉ መጽሔት ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ሰውየውን መቀየር ነው፤ ወንድም የነበረው የአጎት ልጅ ይሁን፣ ወይም ታላቅ እህት ትሁን። ታላቅ እህት ስትሆን ታሪኩ ሌላ ይሆናል፤ ያስቀራት ከብት ሳይሆን ውኃ መቅዳትና ትዳር ይሆናልና ጓዳውንም መንገዱንም እንደገና ማሰብ አለብሽ። ስምና መንደር ብቻ መቀየር ግን ብዙም አይጠቅምም። ቤተሰብን የሚያሳውቀው ስሙ አይደለም፤ ያቺ የደረጃ ቁጥር፣ የበሬው ቀለም፣ የሱ አነጋገር ነው። ሦስተኛው መንገድ እሱን መጠየቅ ነው፤ እኔ የምመርጠውም ይህንን ነው።

የምትጠይቂው ግን «ልጻፍብህ ወይ?» ብለሽ አይሁን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሱ ከባድ ነው፤ «ጻፊ፣ ምን ቸገረኝ» ብሎ ይዘጋዋል። የገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወርድ ደውዪለት፤ የክፍል ሥራ እንዳለብሽና ያን ጊዜ ስለነበረው ቀን ልትጽፊ እንዳሰብሽ ንገሪው። ከዚያ ትናንሽ ነገሮችን ጠይቂው። እኔን አድርሰህ ስትመለስ አህያዋ ላይ ምን ነበር? መንገድ ላይ ምን በላህ? ደብተርህን የት አደረግኸው? በማግስቱ ከብቱን የት አሰማራህ? አታቋርጪው፤ ዝም ሲል ዝም በይ። ከነዚህ መልሶች አንዱ መጨረሻሽን ሊሰጥሽ ይችላል፤ እንዲያውም አሁን የተጨነቅሽበትን ሊቀይረው ይችላል፤ መቅረቱን አንቺ እንደምታስቢው አያስበው ይሆናልና። መጨረሻ ላይ ፈቃዱን ጠይቂው፤ «ከዚህ ውስጥ እንዳልጽፈው የምትፈልገው አለ?» በይው። እንዲህ ያለው ጥያቄ እምቢ ማለትን ያቀልለታል። አንድ ነገር ተዪ ካለሽ፣ ምንም ዓይነት ጥሩ ነገር ቢሆን ትተዪዋለሽ። ሁሉንም ተዪ ካለሽ የአጎት ልጅ መንገድ አለልሽ፤ ጎታውና ጣሳው የማንም አይደሉም።

ክሊኒኩን አፍርሺው። ልጅቷ ሐኪም ሆና ስትመለስ «ዋጋው ተከፈለ፣ አበቃ» ብለሽ አንባቢውን ታሰናብቺዋለሽ፤ ያን ሁሉ የሠራሽው ጥያቄም ይዘጋል። መጨረሻው መንገዱ ላይ ይሁን። አክስቷ ደጃፍ ጭነቱ ወርዷል፤ ወንድምየው ባዶውን ጆንያ አጥፎ አህያዋ ላይ አደረገ፤ አህያዋ ጭነት ስለቀለላት ፈጥናለች። ልጅቷ ምን ታደርጋለች? ትጠራዋለች? ጫማዋን ታወልቃለች? ዞሮ ካያት አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፣ ሳይዞር ከሄደ ሌላ። ይህንን እኔ አልወስንልሽም፤ ከስልኩ በኋላ አንቺ ታውቂዋለሽ። ብቻ እሱ ከታጠፈ በኋላ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አትጻፊ፤ እዚያ ላይ ነው እጅ ማብራራት የሚያምረው።

12 ቀኑ ይበቃሻል። ይህ ሳምንት ለስልኩና ለጓዳው ትዕይንት ይሁን፤ ጓዳው ከተሳካ ሌላው ይከተለዋል። ሙሉውን ረቂቅ በስምንተኛው ቀን ጨርሺና ሁለት ቀን ሳታዪው አሳድሪው። ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ድምፅሽ የመድረክ ድምፅ የሚሆንበት ቦታ ሁሉ ስብከቱ የተደበቀበት ነው። ቃሉ ከ1500 ካለፈ ከመንገዱ ላይ ቁረጪ እንጂ ከጓዳው አትንኪ። «የዕውቀት ብርሃን» የሚለውን ርዕስ እስከ መጨረሻው ቀን አንሺውና ባዶ ተዪው፤ ምናልባት «ግማሽ ጣሳ» ብትዪውስ?